ላስቲኩ ደንብ አያነብም

«ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመረቅሁ። አጎቴ ባቱ አካባቢ በ6 ሚሊዮን ብር የቲማቲም ግሪንሃውስ ሊያቆም ነው። ለብድሩ የ5 ዓመት የሒሳብ ትንበያ ሠራሁለት። በዓመት የእርጅና ቅናሽ 600,000፣ የተጣራ ትርፍ 400,000፣ ለዋናው ብድር የሚከፈል 700,000 ነው። ባንኩ ‹ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የካፒታል ወጪ የለም?› ብሎ መለሰው። አጎቴ ትርፉን በየዓመቱ ለቤተሰብ ላከፋፍል ይላል፤ እኔንም የእርሻው ሒሳብ ሠራተኛ ሊያደርገኝ ነው። ከሱ ጋር ልሥራ ወይስ ባንክ ልግባ? ማስተርስስ?»

ማስተርሱ ይቆይ። መጀመሪያ የባንኩን ጥያቄ እንመልስ።

600,000ውን ከየት እንዳመጣኸው ገብቶኛል። የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ለግሪንሃውስ 10 በመቶ ይላል፤ አንተም 6 ሚሊዮኑን በአንድ መስመር ይዘህ አባዛኸው። የግሪንሃውሱ ሽፋን ላስቲክ ግን ደንብ አያነብም። ብረቱ ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆማል። ላስቲኩን ፀሐይ በሦስት፣ ቢበዛ በአራት ዓመት ትጨርሰዋለች። ድኝ ያለበት መድኃኒት ከተረጨ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። መጀመሪያ ይደበዝዝና ብርሃን ይከለክላል፤ ቀጥሎ የጋለው ብረት በሚነካው በኩል ይቀደዳል።

ስለዚህ ፕሮፎርማውን አምጥተህ ብረቱን፣ ላስቲኩን፣ የጠብታ መስኖውን፣ ፓምፑን ለየብቻ ጻፍ። ለእያንዳንዱ የራሱን ዕድሜ ስጠው። ላስቲኩ 900,000 ብር ነው እንበል። በ3 ዓመት ሲካፈል እርጅናው በዓመት 300,000 ነው። በአራተኛው ዓመት የገንዘብ ፍሰት ላይ ደግሞ አዲስ ላስቲክ መግዣ በካፒታል ወጪ መስመር ይገባል። ባንኩ የጠየቀህ ይህንን ነው።

አሁን ወደ አጎትህ ልምጣ። እርጅና ከኪስ የሚወጣ ብር ስላልሆነ ትርፉ ላይ መልሰህ ደምረው፦ 1,000,000 ይሆናል። 700,000ው ለብድሩ ይሄዳል። የቀረው 300,000 ነው። 400,000 ትርፍ ይከፋፈል የሚሉት ከየት አምጥተው ነው? ያቺ 300,000ም ብትሆን በ3 ዓመት ተጠራቅማ 900,000 ናት፣ የላስቲኩ ዋጋ ልክ። ያውም ላስቲኩ በዛሬ ዋጋ ከተገኘ ነው፤ የዶላሩን ነገር ታውቀዋለህ። ይህንን ቁጥር ይዘህ አስረዳቸው። «ይከብዳል፣ አጎቴ ናቸው» እንዳትለኝ፤ ከቤተሰብ ማን ይነግራቸዋል ታዲያ?

እኔም በብድር ክፍል ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ አንድ መስመር አሳልፌያለሁ። በአራተኛው ዓመት ሄደን ስናየው ቤቱ ቆሟል፣ ግማሹ ግን ያለ ላስቲክ። ቲማቲሙ ዝናብ መትቶት በበሽታ አልቋል። ብድሩ የማይመለስ ዕዳ ሆኖ ቀረ።

ባንክ ግባ፣ ከተቻለ ብድር ክፍል። ሁለት ዓመት የሰው ትንበያ ስትመረምር ትውላለህ። የአጎትህን ሒሳብ ቅዳሜ ቅዳሜ ብትሠራላቸው ይበቃል፤ ያውም ላስቲክ መግዣውን ለብቻ ሒሳብ ከፍተው ማስቀመጥ ከጀመሩ።