ትሬድሚሉ 10.9 ሲል እግርህ በእርግጥ ስንት እየሮጠ ነው?

«ውጭ፣ ሜዳ ላይ፣ በኪሎ ሜትር 5:30 ስሮጥ የልብ ምቴ 148 አካባቢ ነው። ትሬድሚል ላይ 10.9 አድርጌ ዳገቱን 1 ላይ ስሮጥ ግን 160 ያልፋል። ዳገቱን ላጥፋው? ደግሞ 90 ደቂቃ መሮጥ አለብኝ፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ ሰዓቱ አልሄድ ይለኛል። እናንተ እንዴት ነው የምትችሉት?»

ወንድሜ፣ ዳገቱን ለጊዜው አትንካው። መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በል። ምትህ 160 የሚገባው መቼ ነው? ገና በ12ኛው ወይም በ15ኛው ደቂቃ ከሆነ ማሽኑን ጠርጥረው። መጀመሪያ 148 ላይ ቆይቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ግን ሙቀት ነው።

የሙቀቱ ነገር ቀላል ነው። ውጭ ስትሮጥ አየሩን እየሰነጠቅክ ነው የምትሄደው፤ ላብህ ቶሎ ይደርቃል፣ ሰውነትህም ይቀዘቅዛል። ማሽን ላይ አንድ ቦታ ቆመህ ስለምትሮጥ ላቡ ሳይደርቅ ይንጠባጠባል። ሰውነትህ ራሱን ለማቀዝቀዝ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፣ ልብም ያንን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። እግርህ የሚሠራው ሥራ ግን አልተለወጠም። ቬንትሌተር ከፊት ለፊትህ፣ ደረትህ ላይ እንዲነፍስ አድርገህ አስቀምጥ። እኔ ያለ ቬንትሌተር ከአንድ ሰዓት በላይ አልሮጥም።

ማሽኑ ነው ብለህ ከጠረጠርክ ደግሞ ለካው። እኔም ልክ እንዳንተ ግራ ገብቶኝ ነበር። ልምምዱ ከበደኝ፣ ደክሜያለሁ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፍጥነት ስቀንስ ከረምኩ። በኋላ ነው መለካት የጀመርኩት። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የምትረግጠውን ላስቲክ በሜትር ዙሪያውን ለካ። የእኔው 3.3 ሜትር ነበር። ጠርዙ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ማሽኑን 10.9 ላይ አድርጌ ሮጥኩ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ከጎን በስልክ ቀረጸኝ። ሰው ሲሮጥበት መለካቱ ግዴታ ነው፤ ላስቲኩ ክብደት ሲያርፍበት ፍጥነቱ ሊለወጥ ይችላል። ከዚያ ቪዲዮውን ቀስ አድርገን እያየን ፕላስተሩ 50 ጊዜ እስኪዞር ቆጠርን። 50 ዙር ማለት 165 ሜትር ነው። በትክክለኛ 10.9 ቢሆን 54 ሰከንድ ተኩል ይፈጅ ነበር። የፈጀው 52 ሰከንድ ነው። 165ን ለ52 አካፍለህ በ3.6 ስታባዛው 11.4 ይመጣል። በኪሎ ሜትር 5:30 እሮጣለሁ ስል በ5:15 እየሮጥኩ ነበር ማለት ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ማሽን ላይ 10.4 ነው የማደርገው፤ የሰዓቴም ምት ውጭ ከማየው ጋር ገጠመ።

ዳገቱንም እግረ መንገድህን እየው። መሮጫው ላይ በ100 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ቦታ ምልክት አድርግና የሁለቱን ከፍታ ከወለሉ ለካ። ልዩነቱ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1 ፐርሰንት ነው። ይህ የሚሠራው ወለሉ ራሱ ውሃ ልክ ከሆነ ነው። ወለሉ ካጋደለ፣ ስክሪኑ 0 እያለም ዳገት እየወጣህ ይሆናል።

አሁን ወደ 1 ፐርሰንቱ። ነገሩ የመጣው አንድሩ ጆንስና ጆናታን ዶስት በ1996 ካሳተሙት ጥናት ነው። ሯጮች የሚጠቀሙትን ኦክስጅን ውጭም ማሽን ላይም ለክተው፣ በሰዓት ከ10.5 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ከውጩ ሩጫ ጋር በደንብ የሚቀራረበው 1 ፐርሰንት ሆኖ አገኙት። ምክንያቱ ማሽን ላይ የምትገፋው አየር አለመኖሩ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የአየሩም ግፊት ይጨምራል፤ ቀስ ብሎ ለሚሮጥ ሰው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንተ ከዝቅተኛው ጫፍ አጠገብ ነህ፤ ስለዚህ 0ም አደረግከው 1 ብዙ አይለያይም። 12 ምት የሚያህል ልዩነት ያመጣው እሱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ፔስ ወደ ማሽን ቁጥር ሲቀየር ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። 60ን ለፔስህ ታካፍላለህ፣ ግን 5:30 ማለት 5.5 ነው እንጂ 5.3 አይደለም። 60 ሲካፈል ለ5.5 ያንተን 10.9 ይሰጥሃል። በ5.3 ብታካፍል 11.3 ይወጣና ሳታውቀው ትፈጥናለህ። ሲመለስም እንደዚያው ነው፤ 60 ለ11 ሲካፈል 5.45 ይላል፣ እሱ ግን 5:27 ነው። አንተ በትክክል ስላሰላኸው ይህን እለፈው።

መሰልቸቱን እኔ የምገላገለው በዚሁ በዳገቱ ነው። በሩጫ ዳገት ላይ 1 ፐርሰንት ስትጨምር ድካሙ በ4.5 ፐርሰንት ገደማ ያድጋል። ባንተ ፍጥነት ይህ ማለት ለእያንዳንዷ 1 ፐርሰንት ከፍጥነቱ 0.4 ያህል ብትቀንስ ድካሙ እኩል ይቆያል። በ1 ላይ 10.9፣ በ2 ላይ 10.4፣ በ3 ላይ 10፣ በ4 ላይ 9.6። እነዚህን አራት ቁጥሮች በወረቀት ጽፈህ ማሽኑ ላይ ለጥፋቸው። ማሽንህ እንደኔው ሆኖ ከተገኘ ልዩነቱን ከሁሉም ላይ ቀንስ።

90 ደቂቃውን እንዲህ ሞክረው። መጀመሪያ 15 ደቂቃ በ1 ሩጥ። ከዚያ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 3፣ 2 እያልክ በየ2 ደቂቃው ቀይር፤ 12 ደቂቃ ይሆናል። 3 ደቂቃ ያለ ዳገት ሩጥና ውሃ ጠጣ። ይህን አራት ጊዜ ደጋግመህ የመጨረሻውን 15 ደቂቃ በ1 ጨርስ። የስክሪኑን ጠቅላላ ሰዓት በፕላስተር ሸፍነው፤ 2 ደቂቃዋን በእጅ ሰዓትህ ያዝ። ያኔ 50 ደቂቃ ቀረኝ የሚለው ሐሳብ ቦታ አያገኝም፤ የምትጠብቀው የሚቀጥለውን ቁልፍ ብቻ ነው። እግርህም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያንኑ እርምጃ በዚያው ማዕዘን ከመርገጥ ያርፋል።

አንድ ትንሽ ነገር አለች። ስትወጣ መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ቀጥሎ ዳገቱን ጨምር። ስትወርድ ደግሞ ዳገቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ጠብቀህ ፍጥነቱን መልስ። ካደባለቅካቸው በየለውጡ ለጥቂት ሰከንድ ምትህ ያለ ምክንያት ይዘላል። መያዣውን በፍጹም አትደገፍ። ከተደገፍክ ክብደትህ እጅህ ላይ ያርፋል፣ ስሌቱም በሙሉ ይበላሻል።

ፊልም ማየት ለእኔ አልሆነልኝም። አንገቴ ይጎብጣል፣ ሳላውቀው ወደ ኋላ እንሸራተታለሁ። የሚደመጥ ነገር ይሻላል።

ከ4 በላይ ለመውጣት አትቸኩል። ረጅም ዳገት ባትና ተረከዝ ላይ ያለውን ጅማት ይወጥራል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ ተረከዝህ አካባቢ ከቆነጠጠችህ ለአንድ ሳምንት 2ን አትለፍ። የምትዘጋጅለት ውድድር ቁልቁለት ካለው ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ቀን ውጣና ቁልቁል ሩጥ፤ አብዛኛው ማሽን ከ0 በታች ስለማይወርድ ጭንህን ለዚያ አያዘጋጅልህም።

ለክተህ ያገኘኸውን እዚሁ ጻፍልኝ፤ የላስቲኩን ርዝመት፣ 50 ዙሩ የፈጀውን ሰከንድና በ12ኛው ደቂቃ የነበረህን ምት።