ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፦ ስለ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች አምስት ስላይዶች

ይድረስ ለዘንድሮ ተፈታኞች፤

በደሴና በአካባቢዋ ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። በስልካችሁ እየገለጣችሁ እንድታነቡት ምክሬን በአምስት ስላይድ ከፍዬዋለሁ፤ አምስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር፣ ያለፉ ዓመታትን ፈተናዎች እንዴት መሥራት እንደሚገባ ነው። ብዙ ተማሪ ወረቀቱን ከነመልሱ ያነበዋል እንጂ አይፈተንበትም፤ መልሱን እያዩ ማንበብ ደግሞ ያልገባንን ነገር የገባን ያስመስለዋል።

ስላይድ 1፦ መልሱን ደብቁና በሰዓት ተፈተኑ።
65 ጥያቄ በ3 ሰዓት የሚሠራበትን የሒሳብ ወረቀት ውሰዱ። መጨረሻ ላይ 15 ደቂቃ ለማጣሪያ ብታስቀሩ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሰዓት ሲያልቅ 24ኛው ጥያቄ አካባቢ መድረስ ይኖርባችኋል። ያን ጊዜ ገና 15ኛው ላይ ከሆናችሁ፣ አንድ ከባድ ጥያቄ ይዟችሁ ቆይቷል ማለት ነውና ምልክት አድርጋችሁበት ማለፍን ተለማመዱ። ስልክም ሆነ ካልኩሌተር ወደ ፈተናው ስለማይገባ በቤታችሁም ስሌቱን በእጃችሁ ሥሩ።

ስላይድ 2፦ ያገኛችሁትን ውጤት ትታችሁ የሳታችሁትን ለዩ።
ካረማችሁ በኋላ ከእያንዳንዱ የሳታችሁት ጥያቄ አጠገብ ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ «አላውቀውም»፣ «አውቄው ተሳሳትኩ»፣ «ሰዓት አልበቃኝም»። የመጀመሪያው ወደ መማሪያ መጽሐፉ ይመልሳችኋል፤ ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ስለሚወጣም የምትመለሱት ብዙ ጊዜ ወደ 9ኛና 10ኛ ክፍል መጽሐፍ ይሆናል። ሦስተኛውን ስላይድ 1 ይፈታዋል። ተማሪዎች በጣም የሚንቁትና እኔ ግን በቀላሉ የሚታረም ሆኖ ያገኘሁት ሁለተኛውን ነው።

ስላይድ 3፦ የስሕተቱን መንስኤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
ከሐይቅ እየመጣች ደሴ ትማር የነበረች አንዲት ጎበዝ ተማሪ ይህን እኩልታ ሠርታ ነበር፦

log x + log(x − 3) = 1

ሁለቱን ሎጋሪዝሞች አዋሕዳ x(x − 3) = 10 አለች፤ ከዚያም x² − 3x − 10 = 0 ላይ ደርሳ x = 5 እና x = −2 አገኘች፤ ሁለቱንም የያዘው ምርጫ ወረቀቱ ላይ ስለነበር ያለ ጥርጣሬ መረጠችው። ስሌቷ ውስጥ አንድም ስሕተት የለም። ነገር ግን −2ን ወደ መነሻው እኩልታ መልሳ ብትተካው የአሉታዊ ቁጥር ሎጋሪዝም ሊወስድ ሲል ታየው ነበር፤ በእውን ቁጥሮች ውስጥ እንዲህ ያለ ሎጋሪዝም ስለሌለ መልሱ 5 ብቻ ነው። ፈተና አውጪ የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚያዘጋጀው ተማሪ በሚስትበት መንገድ እየሄደ ስለሆነ፣ ያገኛችሁት መልስ ምርጫው ውስጥ መኖሩ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም።

ተማሪዋ መጀመሪያ ደብተሯ ላይ የጻፈችው «መጠንቀቅ አለብኝ» የሚል ነበር፤ ይህ ነገ ምን እንደምታደርግ አይነግራትም። አስተካክላ «ሎጋሪዝም ወይም ሥር ያለበትን እኩልታ ስፈታ ያገኘሁትን ቁጥር ሁሉ ወደ መነሻው መልሼ እተካለሁ» ብላ ጻፈች። ወዲያው በሌላ ዓመት ወረቀት √(x + 6) = x የሚለውን የሳተችው በዚሁ ምክንያት እንደነበር ራሷ አገኘችው፤ እዚያም 3 እና −2 ይመጣሉ፣ የሚሠራው ግን 3 ብቻ ነው።

ስላይድ 4፦ የሳታችሁትን ከቀናት በኋላ እንደገና ሥሩ።
በማግስቱ ብትሠሩት የምታስታውሱት ምርጫውን ነው፤ ስለዚህ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቀጥሎም ከሳምንት በኋላ ባዶ ወረቀት ላይ ሥሩት። ሁለቴ በትክክል የወጣውን ከደብተሩ ሰርዙ።

ስላይድ 5፦ የመልስ ወረቀት ማጥቆርንም ተለማመዱ።
17ኛውን ጥያቄ ዘሎ የ18ኛውን መልስ በ17ኛው መስመር ላይ ያጠቆረ ተማሪ፣ ካልነቃ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሽበታል፤ ስለዚህ በየአሥር ጥያቄው የጥያቄውና የመልሱ ተራ ቁጥር መግጠሙን እዩ። ከፈተናው ወረቀት ላይ የቡክሌት ኮዱን በትክክል ገልብጡ። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ልጆች ደግሞ ጥያቄው ስክሪን ላይ ሆኖ ስሌቱን ወረቀት ላይ መሥራት ዓይንን ስለሚያመላልስ፣ ቁጥሮቹን ስትገለብጡ በተለይ የአሉታዊ ምልክቱን ሁለቴ አረጋግጡ።