በቃለ መጠይቅ ላይ የሚደረግ ዙም የት ይረፍ? ለወጣት ኤዲተሮች የተጻፈ

ውድ ወጣት ባለሙያዎች፣

ካሜራው በትራይፖድ ላይ ቆሞ፣ ተናጋሪውም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ሲያወሩ፣ ለኤዲተሩ የሚደርሰው አንድ የማይንቀሳቀስ ምስል ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱን ንግግር ከሌላው ለይቶ ለማጉላት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ፓንች-ኢን ዙም ነው፤ ይኸውም የተቀረጸውን ምስል በኤዲቲንግ ጊዜ አሳድጎ ወደ ፊቱ መጠጋት ሲሆን፣ የሚሠራውም በኪፍሬም፣ ማለትም በአንድ ፍሬም ላይ የምስሉን መጠን በሚመዘግብ ምልክት ነው። ሁለት ኪፍሬም ማስቀመጥን ማንም በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ብዙዎቻችሁ ስትስቱት ስለማየው ነገር ነው፤ ይኸውም ዙሙ በየትኛው ቃል ላይ ማረፍ እንዳለበት፣ ሲጠጋም ፊቱን ከቦታው እንዳያንሸራትት ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ድሬዳዋ በሚገኘው ቤታቸው ተቀምጠው ስለ አንድ አደጋ ሲናገሩ፣ «ፍሬኑን ሳብኩት፤ ደግሜ ሳብኩት፤ አልያዘም» ይላሉ እንበል። ከዚያም ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም ይላሉ። ቀረጻው 3840 በ2160 ፒክስል ነው፤ የምንሠራበት ታይምላይን ደግሞ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው።

በመጀመሪያ ምስሉን ሳይሆን ድምፁን አዳምጡ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ፍሬኑ ያዘ ወይስ አልያዘም የሚለው የሚታወቀው የመጨረሻው ቃል ሲነገር ብቻ ነው። ዙሙን «ፍሬኑን» በሚለው ቃል ላይ የሚጀምር ኤዲተር፣ ሰውየው ገና ሳይናገሩ መጥፎ ነገር ሊመጣ መሆኑን ለተመልካቹ አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ምስሉም ጉዞውን ጨርሶ የሚቆመው የሚከብደው ቃል ከመድረሱ በፊት ይሆናል። በእንግሊዝኛ የተሠሩ ምሳሌዎችን እያዩ የተማሩ ልጆች በዚህ ይሳሳታሉ፤ በእንግሊዝኛ አሉታው ከግሡ ቀድሞ ስለሚነገር፣ የዙሙ ጊዜ ለእኛ ዓረፍተ ነገር እንዳለ አይሆንም። ስለዚህ የድምፁን ሞገድ አስፍታችሁ ከሁለተኛው «ሳብኩት» በኋላ ያለችውን ትንሽ የትንፋሽ ክፍተት ፈልጉ። የመጀመሪያው ኪፍሬም እዚያ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው ደግሞ «አልያዘም» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ድምፅ በሚሰማበት ፍሬም ላይ። በመካከላቸው 12 ፍሬም ያህል፣ ማለትም ግማሽ ሰከንድ ግድም ቢኖር ይበቃል። ክፍተቷ ከዚያ ካነሰች ጅማሬውን ወደ «ሳብኩት» ጭራ ሳቡት እንጂ ማረፊያውን ወደፊት አትግፉት። እርምጃው 40 እና 50 ፍሬም ከወሰደ ግን ቀስ ብሎ የሚጠጋ ሌላ ዓይነት ዙም ይሆናል፤ እሱም የራሱ ቦታ አለው፣ ለአንድ ቃል ግን አይሆንም።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። በአዶቤ ፕሪሚየር ይህን ክሊፕ በ Set to Frame Size ካስገባችሁት በ Effect Controls ውስጥ Scale 50 ይላል፤ ይህም ገና ያልተነካ ፒክስል በእጃችሁ እንዳለ ይነግራችኋል። በ Scale to Frame Size ካስገባችሁት ግን ፕሮግራሙ ምስሉን አስቀድሞ ወደ ታይምላይኑ መጠን ያሳንሰውና Scale 100 ብሎ ያሳያችኋል፤ ከዚያ በኋላ ስታሳድጉት የምታገኙት የተለጠጠ፣ የዐይን ሽፋሽፍቱ የደበዘዘ ፊት ነው። ክሊፑ ፍሬሙን ልክ ሞልቶ ሳለ 100 የሚል ቁጥር ካያችሁ እዚያው ቁሙና አስተካክሉ። ቀረጻው ከመጀመሪያውም 1920 በ1080 ከሆነ ግን ይህ ትርፍ የላችሁም፤ እኔ በዚያ ጊዜ ከ110 ወይም ከ115 አላልፍም።

ለነጂያችን ከ50 ወደ 60 መሄድ በቂ ነው፤ ፊታቸው በአምስት አንድ እጅ ይጎላል። ነገር ግን Scale ምስሉን የሚያሳድገው Anchor Point ባለበት ዙሪያ ነው፤ እሱም በነባሪው የምስሉ መሃል ላይ ነው። ተናጋሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ተደርገው፣ ዐይናቸውም ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ሆኖ ነው የሚቀረጹት። ስለዚህ ምስሉ ሲያድግ ፊታቸው ወደ ጠርዙ እየሸሸ ይሄዳል። ብዙዎች ይህን ለማረም ለ Position ሌላ ሁለት ኪፍሬም ይጨምራሉ፤ የሁለቱ ፍጥነት በትክክል ካልገጠመ ግን ፊቱ መጀመሪያ ያፈነግጥና ከዚያ ይመለሳል። የተሻለው መንገድ Motion የሚለውን ጠቅ አድርጎ፣ በፕሮግራም ሞኒተሩ ላይ የሚታየውን የ Anchor Point ምልክት ወደ ሁለቱ ዐይኖች መካከል መጎተት ነው። በእኛ ምሳሌ ዐይኖቹ በዋናው ቀረጻ 1240፣ 700 ላይ ናቸው እንበል፤ ምልክቱን ስትጎትቱ ፕሮግራሙ ራሱ Position ን ወደ 620፣ 350 ስለሚቀይረው ምስሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ከዚህ በኋላ ኪፍሬም የሚያስፈልገው Scale ብቻ ነው። የራሳቸው ጫፍ በቀረጻው 240 ላይ ከሆነ፣ ከራሳቸው በላይ የነበረው ባዶ ቦታ ከ120 ፒክስል ወደ 74 ይወርዳል፤ ይህ ለዐይን የሚመች ነው። 80 ብታደርጉት ግን ጫፉ ከፍሬሙ 18 ፒክስል ይወጣል፣ ፀጉራቸውም ይቆረጣል።

ከዚያ በ Scale አጠገብ ያለውን የሰዓት ምልክት ተጭናችሁ ሁለቱን ኪፍሬሞች አስቀምጡ። እንዲሁ ከተዋችኋቸው እንቅስቃሴው በአንድ ፍጥነት ይነሳና በድንገት ይቆማል፤ ማቆሚያው ላይ ምስሉ የተላተመ መስሎ ይታያል። ኪፍሬሞቹን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ለመጀመሪያው Ease Out፣ ለመጨረሻው Ease In ስጡ። ስሞቹ የተገላበጡ የሚመስሉት ጀማሪ ካለ፣ አንዱ እንቅስቃሴው የሚነሳበትን፣ ሌላው የሚያርፍበትን ኪፍሬም እንደሚያለዝብ ይያዝ። ሥራውን ለመፈተን የጣታችሁን ጫፍ በሞኒተሩ ላይ ከዐይናቸው ሥር አስጠግታችሁ አጫውቱት፤ ተናጋሪው ራሳቸውን ሳይነቀንቁ ዐይኑ ከጣታችሁ ከራቀ Anchor Point በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባችኋለሁ። ዙም በቃሉ ላይ የሚጨመር የኤዲተሩ አስተያየት ነው። ነጂው የደረሰባቸውን ሲናገሩ መጠጋት ይገባል። ሰውየው ግን ሌላ ሰውን የሚከስሱ ወይም በክርክር ላይ ያለ ነገር የሚናገሩ ከሆነ፣ መጠጋታችሁ ክሱን እንዳመናችሁበት ለተመልካቹ ይነግረዋልና፣ እዚያ ላይ ምስሉን ባለበት መተው ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምትሠሩት የንግግሩ ቆረጣ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ኪፍሬሞቹ ከክሊፑ ጋር የተያያዙ ናቸውና፣ በኋላ መነሻውን ብትቆርጡ የመጀመሪያው ኪፍሬም ከቁራጩ ውጭ ይቀርና ምስሉ ግማሽ መንገድ ላይ ሆኖ ይጀምራል። ከ«አልያዘም» በኋላ ያሉትን ሁለት ሰከንዶች በ60 ላይ እንዳለ ያዙት፤ ዝምታው የንግግሩ አካል ነው። ወደ 50 የምትመለሱት ደግሞ በሌላ ዙም አይሁን፤ ወደ ኋላ የሚሸሽ ምስል ያጎላችሁትን ቃል መልሶ ያቀለዋል። የሐዲዱን ወይም የጣቢያውን ምስል ጣልቃ አስገቡና፣ ወደ ተናጋሪው ስትመለሱ ክሊፑን ቆርጣችሁ፣ ከአዲሱ ቁራጭ የ Scale ኪፍሬሞቹን አጥፍታችሁ፣ ቁጥሩን 50 አድርጉት።