ቲ-ቴስት ወይስ ራንክ-ሰም? 60 ቀን የተኛው ታካሚ

«የሁለት ዋርድ ታካሚዎች ስንት ቀን እንደተኙ መረጃ አለኝ። በየዋርዱ ጥቂት ሰው ነው፤ አንዱ ግን 60 ቀን ተኝቷል። አማካሪዬ ቲ-ቴስቱን ተይና ራንክ-ሰም ሥሪ አሉኝ። ሰውየውን ባወጣው አይሻልም?»

አታውጪው እህቴ። ካርዱን አይተሽ 60 ቀን በእርግጥ ከተኛ፣ የመረጃሽ አካል ነው።

በትንሽ ምሳሌ ላሳይሽ። ዋርድ ሀ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 8 ቀን። ዋርድ ለ 6፣ 7፣ 9፣ 10፣ 60 ቀን። የለ ታካሚዎች ብዙ እንደቆዩ በዓይን ያስታውቃል። ቲ-ቴስት ግን ፒ-ቫልዩው 0.25 ገደማ ነው፤ ልዩነት አላየሁም ይልሻል። ያ አንድ 60 የለን አማካይ ወደ 18.4 ይሰቅለዋል፤ ግን ስርጭቱን ከዚያ በላይ ይለጥጠዋል። ልዩነቱ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል።

ራንክ-ሰም ቀኖቹን ትቶ ተራቸውን ነው የሚያየው። አሥሩንም ቀላቅለሽ ከትንሹ ጀምረሽ ከ1 እስከ 10 ተራ ስጫቸው። የሀ ተራዎች 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 7 ናቸው፤ ድምራቸው 17። 60ው ተራው 10 ነው፤ 20 ቢሆንም ያው 10 ነበር። አቅሙን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

```
a <- c(2,3,4,5,8)
b <- c(6,7,9,10,60)
wilcox.test(a, b)
```

አር የሚባለው ፕሮግራም የሚያወጣልሽ W = 2 እና ፒ-ቫልዩ 0.03175 ነው። 17 ስትጠብቂ 2 ሲመጣ አትደንግጪ። አር ከ17 ላይ ዝቅተኛውን ሊሆን የሚችል ድምር፣ 15ን፣ ይቀንሳል። 2 ትርጉም አለው፦ እያንዳንዱን የሀ ታካሚ ከእያንዳንዱ የለ ታካሚ ጋር ብታስተያዪ 25 ጥንድ ይሆናል፤ ሀ የበለጠው በሁለቱ ብቻ ነው (8 ከ6ና ከ7 ይበልጣል)። በ23ቱ ለ ይበልጣል። እኔ ከፒ-ቫልዩው ይልቅ ይህን ቁጥር ነው የምወደው፤ ሐኪሙም ወዲያው ይገባዋል።

አሁን እኔ የተሳሳትኩበትን ልንገርሽ። ለመመረቂያዬ እርካታን ከ1 እስከ 5 አስሞልቼ ይህንኑ ቴስት ሠራሁ። ውጤቱ ጉልህ ሆነ፤ «ሚዲያናቸው ይለያያል» ብዬ ጻፍኩ። ፈታኙ ሰንጠረዡን ገልጠው የሁለቱም ሚዲያን 3 መሆኑን አሳዩኝ። መልስ አልነበረኝም። ቴስቱ የሚጠይቀው የአንዱ ቡድን ሰው ከሌላው ቡድን ሰው የመብለጥ ዝንባሌ አለው ወይ ብሎ ነው። ስለ ሚዲያን መናገር የምትችይው የሁለቱ ስርጭት ቅርጽ ተመሳሳይ ሆኖ ቦታው ብቻ ሲለያይ ነው።

እርካታ ላይ ሌላም ነገር ይገጥምሻል። ብዙ ሰው 4 ስለሚመርጥ ተራ ይጋራሉ፤ የተራዎቹን አማካይ ይወስዳሉ። ያኔ አር cannot compute exact p-value with ties ብሎ ያስጠነቅቃል። በየቡድኑ ሃያ ሰላሳ ሰው ካለሽ ግምታዊው ፒ-ቫልዩ ይበቃል። እንደ አንቺ አምስት አምስት ሲሆን ግን አትመኚው፤ coin በሚባለው ፓኬጅ ትክክለኛውን አስይ።

ያው ሰው በፊትና በኋላ የተለካ ከሆነ ደግሞ ይህ ቴስት አይሆንም፤ የጥንዶቹ ዊልኮክሰን ሌላ ነው።