ካቴተሩን ለማውጣት አትቸኩሉ

ውድ ወጣት አዋላጆችና ሐኪሞች፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች በማከም ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ ለማውራት አይደለም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ስላሉትና ብዙ ጊዜ በከንቱ ስለሚያልፉት ጥቂት ሳምንታት ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ በደንብ ካልገባን ቀሪው አይገባንም። የሕፃኑ ጭንቅላት ለእናቲቱ ዳሌ ሲተልቅ፣ ወይም አመጣጡ ሲጣመም፣ መውረድ ያቅተዋል። ማህፀኑ ግን መግፋቱን አያቆምም። ጭንቅላቱ የሽንት ፊኛዋንና የብልቷን ግድግዳ ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዛል። ሰዓታት ሲያልፉ በተጫነው ቦታ ደም መዘዋወሩን ያቆማል። ደም ያጣ ሥጋ ደግሞ ይሞታል። ብዙ ጊዜ ሕፃኑም በዚያው ይሞታል። ጫናው ወደ ኋላ ከሆነ የሚጎዳው የሰገራ መውጫው ነው። ያን ጊዜ ሰገራና አየር በብልት በኩል ይወጣሉ።

አሁን ልብ በሉ። የሞተው ሥጋ በዚያው ዕለት ተቆርሶ አይወድቅም። አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚለቀው። ቀዳዳው የሚከፈተውም፣ ሽንቱ መንጠባጠብ የሚጀምረውም ያኔ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አልጋዋ ደረቅ ስለሆነ ብቻ «ደህና ነች» ብላችሁ አትሸኟት። በተቃራኒው በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ገና በመጀመሪያው ቀን ሽንት ካፈሰሰች፣ በቀዶ ጥገናው ወቅት ፊኛዋ ተቆርጦ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ። የሁለቱ መነሻ የተለያየ ነው፤ ሕክምናቸውም ሊለያይ ይችላል።

አንዲት ወጣት ላንሳላችሁ። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ደረሰች። በኦፕራሲዮን ወለደች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። በማግስቱ የሽንት ካቴተሯ ወጣ። ሽንቷን ስለሸናች ሁሉም ነገር ደህና መሰለ። በ5ኛው ቀን ሌሊት ልብሷ ረጥቦ አደረ። ስትናገር «የወሊድ ድካም ነው፣ ይተዋል» ተባለች። አልተዋትም። ሽታውን በመፍራት ውሃ መጠጣት አቆመች። ይህን ብዙዎቹ ያደርጉታል፤ ግን ያባብሰዋል። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይጨምራል፣ የጭኗን ቆዳም ያቃጥላል።

እኛ ዘንድ ስትመጣ ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። አንድ እግሯንም ትጎትት ነበር። ጭንቅላቱ በዳሌ ውስጥ የሚያልፉትን ነርቮች ሲጫን የእግር መዳፍን ወደ ላይ ማንሳት ያቅታል። እንዲህ ስትሄድ ያያችኋት ወላድ ካለች ስለ ሽንቷም ጠይቋት። እሷ አፍራ ላትነግራችሁ ትችላለች።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ሦስት የጋዝ ጥቅሎችን ብልቷ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ደረደርንና በካቴተር አድርገን ሰማያዊ ቀለም ያለው ውሃ ወደ ፊኛዋ አስገባን። መካከለኛው ጋዝ ሰማያዊ ሆነ። ቀለሙ ከፊኛ ወደ ብልት አልፏል ማለት ነው። ላይኛው ጋዝ ረጥቦ ቀለም ባይነካው ኖሮ፣ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ተጎድቷል ብለን እንጠረጥር ነበር። ታችኛው ብቻ ቢነካ ደግሞ ቀለሙ በሽንት መውጫው በኩል ተመልሶ ይሆናል፤ ፊስቱላ ነው ለማለት አያስቸኩልም።

ቀዳዳው ትንሽ ነበር፣ ጠባሳም ገና አልያዘም። ስለዚህ አልቀደድናትም። ካቴተር አስገብተን ለ4 ሳምንታት አቆየንላት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፊኛው ሁልጊዜ ባዶ ከሆነ ግድግዳው አይለጠጥም። ያልተለጠጠ ቀዳዳ ጠርዞቹ ይቀራረባሉ፣ ሊገጥምም ይችላል። በቀን 4 ሊትር ገደማ ውሃ እንድትጠጣ ነገርናት። ሽንቷ ነጥቶ እንደ ውሃ እስኪመስል ድረስ። ካቴተሩ ሲወጣ ቀለሙን ደግመን ሞከርን፤ ጋዙ ሁሉ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ይህ ለሁሉም አይሠራም። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ወራት አልፈውት ጠርዙ ከደረቀ፣ ካቴተር ብቻውን አይዘጋውም። ለዚህ ነው ሳምንታቱ የሚያንገበግቡኝ። ዛሬ በካቴተር ሊድን የሚችለው ነገ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ምጧ ተራዝሞ የታገለች ሴት ሁሉ፣ በብልትም ትውለድ በኦፕራሲዮን፣ ባታፈስም ካቴተሯ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆይላት። በማግስቱ አታውጡት። ቱቦው እንዳይታጠፍና እንዳይደፈን በየጊዜው እዩት። የተደፈነ ካቴተር ጨርሶ ካቴተር ካለመኖሩም ይብሳል፤ ፊኛው ሞልቶ የተጎዳውን ቦታ ይለጥጠዋል። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ አልጋው ከረጠበ መጀመሪያ ቱቦውን ፈትሹ።

ጊዜው ያለፈባትንም ቢሆን ተስፋ አታስቆርጧት። ቀዶ ሐኪሙ ፊኛውንና የብልቱን ግድግዳ ለየብቻ ያላቅቅና እያንዳንዱን ሳያስጨንቅ ይሰፋዋል። የሞተው ሥጋ ሳይጠራ፣ ቁስሉ ሳይረጋ አይሰፋም፤ ስፌቱ አይይዝምና። ትልቁን የመዳን ዕድል የሚሰጠው የመጀመሪያው ጥገና ነው። እያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ጠባሳ ጨምሮ ይሄዳል። ስለዚህ እጁ ያልተለማመደ ሰው «እስቲ ልሞክር» እንዳይል ለምኑልኝ። ወደሚያውቅ ሐኪም ላኳት። ቀዳዳው በደንብ ተዘግቶም ሲያስሉ ወይም ሲነሱ ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ አለዚያ ሕክምናው የከሸፈ ይመስላታል።

መከላከሉ ያለው ምጡ ላይ ነው። ፓርቶግራፉን ምጡ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ምጡ እየሄደ ሙሉት። የማህፀን በር መከፈቱ ከቆመ፣ ጭንቅላቱም ካልወረደ፣ «ትንሽ እንጠብቅ» እያላችሁ ሰዓት አትብሉ። ኦፕራሲዮን ወደሚሠራበት ላኳት። በምጥ ጊዜም ሽንቷን ቶሎ ቶሎ እንድትሸና አድርጉ። ካልቻለች በካቴተር አውጡላት።

የተጠገነች ሴት ስትወጣ በእጇ የምትይዘው ወረቀት ይኑራት። ቢያንስ ለ3 ወር ግንኙነት እንዳታደርግ ጻፉላት። ቀጣዩን ልጇን ምጡ ሳይጀምር በኦፕራሲዮን እንድትወልድም በጉልህ ጻፉ። ከተቻለ ባሏን ወይም እናቷን አስጠርታችሁ አብራችሁ አንብቡላቸው፤ ምጥ የመጣ ሌሊት ወዴት እንደምትሄድ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸውና።