የሆቴል ሙቅ ውሃ፦ ስለ ታንከር፣ ስለ ዝውውርና ስለ ሌጂዮኔላ የጠየቃችሁኝ

በሆቴሎች የሙቅ ውሃ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከተላኩልኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ።

«80 ክፍል ላለው ሆቴል 5,000 ሊትር ታንከር ይበቃል? ወይስ ለጥንቃቄ ከዚያም ከፍ ላድርገው?»

ይበዛል እንጂ አያንስም። እስቲ አብረን እናስላው። ጠዋት በጣም በሚጨናነቀው 60 ደቂቃ ውስጥ 80 ሰው ሻወር ይወስዳል እንበል። ሻወሩ በደቂቃ 9 ሊትር እያወረደ 7 ደቂቃ ከቆየ 63 ሊትር ነው። ይህ ግን 40 ዲግሪ ያለው ድብልቅ ውሃ ነው። ቀዝቃዛው 15፣ ታንከሩ 60 ዲግሪ ከሆነ፣ ከታንከሩ የሚወጣው 35 ሊትር ብቻ ነው። ለ80 ሰው 2,800 ሊትር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ተጠራቅሞ መጠበቅ የለበትም። ከ1,500 ሊትር ታንከር 1,150 ያህሉን በሙሉ ሙቀቱ ታወጣለህ፤ የቀረው ከስር ከሚገባው ቀዝቃዛ ጋር ይቀላቀላል። የጎደለውን 1,650 ሊትር ማሞቂያው እዚያው ያደርሳል። ለዚህ 86 ኪሎዋት ያስፈልገዋል፤ ቱቦው ላይ የሚባክነውን ስትጨምር 90 በለው። ወጥ ቤትና ላውንደሪ ካሉህ ለብቻ አስላቸው።

ትልቁ ታንከር ጉዳቱ እንግዳ በሚቀንስበት ወቅት ነው። ውሃው ለቀናት ይተኛል። ላይኛው ቴርሞሜትር 60 እያሳየህ፣ ታች ደለሉ ያለበት ቦታ 35 ሊሆን ይችላል። ሳንባን የሚያሳምመው ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ የሚወደው ደግሞ ከ20 እስከ 45 ያለውን ነው። ከስር ያለውን ማፍሰሻ ከፍተህ ለካው። ለብ ያለና ዝገት የመሰለ ውሃ ከወጣ ነገሩ ገብቶሃል። ትንሽ ፓምፕ በየቀኑ፣ ፍጆታ በሌለበት ሰዓት፣ የስሩን ወደ ላይ እያዞረ ታንከሩ በሙሉ ለአንድ ሰዓት 60 እንዲደርስ ያድርግ።

«ውሃውን ማንም አይጠጣውም። ታዲያ ምን ያሰጋል?»

ባክቴሪያው የሚገባው በሆድ ሳይሆን በሳንባ ነው። ከሻወሩ የሚበተነውን ጤዛ መሰል ርጭት እንግዳው ይተነፍሰዋል።

«እኛ ታንከሩን ሁሌም 60 ላይ ነው የምናቆየው፤ ሆቴሉን ዞሮ ወደ ታንከሩ የሚመለሰው ውሃ፣ መመለሻውም 54 ያሳያል። ስለዚህ ነፃ ነን ማለት ነው አይደል?»

ታንከሩ ላይ ልክ ነዎት። የመመለሻው ቁጥር ግን ያታልላል፤ የሁሉም መስመሮች ድብልቅ ነውና። አንድ ሆቴል ተጠርቼ ስሄድ ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ልክ እንደ እርስዎ 54 ይላል። መጨረሻ ጥግ ላይ ወዳለው ቋሚ መስመር ሄጄ መመለሻ ቱቦው ላይ መለኪያ አሰርኩ። 41! በእያንዳንዱ መስመር የሚያልፈውን ውሃ የሚመጥነው ባላንሲንግ ቫልቭ በሁሉም ላይ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ውሃው በቅርቦቹ አቋርጦ ይመለሳል፤ ሩቁ ጋ የሚደርሰው ጠብታ ነው። ከቅርቡ እየጀመርን ጠበብ አደረግናቸው፤ ከእያንዳንዱ በኋላ እየጠበቅን፣ እየለካን። ሁለት ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ ከ52 በታች የሚመለስ መስመር አልቀረም። ከ50 በታች እንዳይሆን ነው የምጠብቀው፤ 55 የሚጠይቁም አሉ።

የዝውውሩን ፓምፕ ሌሊት ማጥፋት ለምዳችሁ ከሆነም ተዉት።

«የኛ ችግር ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ሙቅ ውሃ እስኪመጣ 2 ደቂቃ ይፈጃል። ፓምፑን በትልቅ ቀየርነው፣ ምንም ለውጥ የለም።»

ከዝውውሩ ተገንጥሎ ወደ ክፍሉ የሚገባው ቱቦ ረዝሟል። ፓምፑ እዚያ ውስጥ ያለውን ውሃ አይነካውም፤ የሚያንቀሳቅሰው ቧንቧው ሲከፈት ብቻ ነው። መድኃኒቱ የዝውውር መስመሩን ወደ ክፍሉ ማስጠጋት ነው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ ያ ቱቦ የባክቴሪያ ማረፊያ ይሆናል፤ ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም አፍስሱት።

ፓምፑ ትልቅ መሆን የለበትም። ኢንሱሌሽን የለበሰ 300 ሜትር ቱቦ በሜትር 10 ዋት ቢያጣ 3 ኪሎዋት ነው። 5 ዲግሪ እንዲወርድ ከፈቀድን በሰዓት 520 ሊትር ያህል ይበቃል። ከልክ ያለፈ ፍጥነት የመዳብ ቱቦን ይበላል።

«60 ዲግሪ ሰው ያቃጥላል። መነሻው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅል ሚክሲንግ ቫልቭ አድርገን ወደ 42 ብናወርደውስ?»

ስጋትሽ ትክክል ነው፤ 60 ዲግሪ በ5 ሰከንድ ገደማ ቆዳ ያቃጥላል። ግን ቫልቩን መነሻው ላይ ካደረግሽው ሆቴሉን በሙሉ በለብታ ውሃ ሞላሽው። ቫልቩ ሻወሩ አጠገብ ይሁን፤ ከእሱ በኋላ ያለው ቱቦ ደግሞ አጭር ይሁን።

«ሂት ፓምፕ ነው ያስገባነው። 50 ላይ እናቆየውና በሳምንት አንዴ 70 እናደርሰዋለን። ይበቃል ብዬ አምናለሁ።»

እዚህ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። እኔ በሳምንታዊው ሙቀት ብቻ አልተማመንም፤ 70ው የማይደርስበት ቱቦ ሁሌም አይጠፋም፣ ባክቴሪያው ከዚያ ተነስቶ እንደገና ይራባል። ባክቴሪያውን እንዲገድል ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚጨምሩ አሉ፤ እሱም የራሱን ክትትል ይፈልጋል።

«ናሙና አስመርምረን ምንም አልተገኘም እኮ።»

ናሙናው ከየት ተወሰደ? ከታንከሩ አጠገብ ወይስ ከሩቁ ክፍል?

«ከፓምፕ ክፍሉ።»

ከሩቁ ክፍል፣ ቧንቧው ሳይፈስ ከሚወጣው የመጀመሪያ ውሃ አስወስድና ውጤቱን ላክልኝ።