ለሙቀት የሚሆን የዩኒፎርም ጨርቅ እንዴት ይመረጣል?

«ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ የልጆቻችንን የዩኒፎርም ጨርቅ እንድንመርጥ እኔና ሌሎች ወላጆች ተመድበናል። አምና የተገዛው ነጭ ሸሚዝ በሙቀት ጀርባቸው ላይ ይለጠፋል። ሲታጠብ ቶሎ ይደርቃል፣ የላቡ ሽታ ግን አይለቅም። ትከሻው ላይ ስፌቱ አጠገብ ጨርቁ ተከፈተ። ልብስ ሰፊው ሁለቴ ሰፋው፣ ባሰበት። አሁን ንጹህ ጥጥ ይሻላል የሚሉ አሉ። ምን ይመክሩናል? የሁለት ልጆች እናት ነኝ።»

እህቴ፣ ጨርቁን በእጄ ባልነካውም ጥርጣሬዬ አንድ ቦታ ላይ ነው። የገዛችሁት ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ብቻ ሳይሆን ከለስላሳ ረጃጅም ክር የተሠራና ሳሳ ብሎ የተሸመነ ነው። ሱቅ ውስጥ ያብረቀርቃል፣ አይጨማደድም፣ ዋጋውም ደህና ነው። ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ጥርጣሬውን አረጋግጡ። ከአሮጌው ሸሚዝ ጠርዝ አንድ ክር ምዘዙና በጣታችሁ መካከል ወደ ኋላ እያዞራችሁ ፍቱት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ብን ብሎ አጫጭር ጭረቶች ሆኖ ከተለያየ የተፈተለ ክር ነው። ተንሸራቶ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጠንክሮ ከቆየና አልበጠስ ካለ ረጅሙ ክር እሱ ነው። ይህን በአዲሱ ጨርቅ ላይም ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ዘርዘር ላድርግ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ጥጥ አየር ውስጥ ካለው እርጥበት ከራሱ ክብደት 8 በመቶ ገደማ ይይዛል፣ ሲነካም እርጥብ አይመስልም። ፖሊስተር የሚይዘው ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ልጁ ሲያልበው ጥጥ ላቡን ይቀበላል፣ ፖሊስተር ግን ቆዳው ላይ ይተወዋል። ለስላሳው ረጅም ክር ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ሰውነት ላይ ይተኛል፣ በጨርቁና በጀርባው መካከል አየር የሚያልፍበት ቦታ አይኖርም። የተፈተለ ክር ላዩ ላይ ጥቃቅን ፀጉር አለው። እሷ ፀጉር ጨርቁን ከቆዳ ትንሽ ከፍ ታደርገዋለች። ሁለት ጨርቅ እኩል ፖሊስተር ኖሯቸው አንዱ የሚለጠፍ፣ ሌላው የማይለጠፍ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሽታውም የሚቀረው የሰውነት ቅባት ከጥጥ ይልቅ ፖሊስተር ላይ ስለሚይዝ፣ ቀለል ባለ እጥበትም ስለማይለቅ ነው።

የትከሻውም ነገር ከዚሁ ይመጣል። ክሮቹ ስለሚያዳልጡና ሽመናው ስለሳሳ፣ ልጁ እጁን ሲዘረጋ ድርና ማጉ ከስፌቱ ይሸሻሉ። ልብስ ሰፊው በወፍራም መርፌ ሲደግመው ለደካማው ጨርቅ ተጨማሪ ቀዳዳ ሰጠው። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል። ያን ሸሚዝ ማቆየት ከፈለጋችሁ ከውስጥ በኩል ስስ የጥጥ ጨርቅ ደርቡለትና በቀጭን መርፌ ይሰፋ፤ 11 ቁጥር ይበቃል።

ንጹህ ጥጥ የሚሉት ወላጆች ለሙቀቱ ልክ ናቸው። ነገር ግን ጥጥ ይጨማደዳል፣ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሱሪ ከሆነ ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል። የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ለሸሚዝ ከተፈተለ ክር የተሠራ፣ ቢያንስ ግማሹ ጥጥ የሆነ ተራ ሽመና። ለሱሪና ለቀሚስ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ የሆነ፣ ሰያፍ መስመር ያለው ሽመና፣ እነ ጋባርዲን ዓይነት። ሱሪ ጀርባ ላይ አይለጠፍም፣ ከመሬትና ከወንበር ጋር ግን ይፋተጋል፤ እዚያ ጥንካሬው ይቅደም።

ሻጩ «ግማሹ ጥጥ ነው» ቢላችሁ በወሬ አትመኑ። ትንሽ ቁራጭ በወረንጦ ይዛችሁ ውሃ ባለበት የብረት ሳህን ላይ አቃጥሉ። በጣት እንዳትይዙት! ፖሊስተር ሲቀልጥ የሚንጠባጠበው ነገር ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ተጠርጎም አይለቅም። ልጆች በአካባቢው አይኑሩ። ጥጥ ብቻ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ብቻ ከሆነ ተሸብልሎ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ድብልቁ ይነድዳል፣ አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ውስጡ ጠንካራ ፍርፋሪ በጣት ይገኛል። ይህ ድብልቅ መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ መጠኑን አይነግርም፤ መጠኑን ከጥቅሉ ላይ በጽሑፍ ጠይቁ።

ቀጥሎ አንድ ሜትር ግዙና ቤት ውሰዱ። መዝኑት። ወርዱ 1.5 ሜትር ሆኖ 180 ግራም ከመጣ፣ 180 ለ1.5 ሲካፈል በካሬ ሜትር 120 ግራም ይሆናል። ለሸሚዝ ከ110 እስከ 130 ደህና ነው፣ ለሱሪ ከ200 እስከ 240። ከዚያ 25 በ25 ሴንቲሜትር ካሬ በማይለቅ ብዕር አስምሩበትና የልጆቹ ልብስ በሚታጠብበት መንገድ ሦስት ጊዜ አጥባችሁ አድርቁ። ካሬው 24 ሴንቲሜትር ከሆነ 4 በመቶ ገብቷል ማለት ነው። 60 ሴንቲሜትር የነበረ የሱሪ እግር 57.6 ይሆናል፣ ልጁ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቶ ይሄዳል። እስከ 2 በመቶ ከሆነ እቀበላለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነና ሌላው ነገሩ ጥሩ ከሆነ፣ ጨርቁ በሙሉ ታጥቦ ይቆረጥ።

ከእጥበቱ በኋላ እንደገና መዝኑት። ክብደቱ ልብ በሚባል መጠን ከቀነሰ የገዛችሁት ስታርች ነው። ርካሽ ጨርቅ በስታርች ተሞልቶ ወፍራም መስሎ ይሸጣል፣ ታጥቦ ሲወጣ ወንፊት ይሆናል። ሱቅ ውስጥም ጨርቁን በጨርቁ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት፤ ነጭ ዱቄት ከወጣ ተዉት። እግረ መንገዳችሁን ሁለት አውራ ጣታችሁን ጎን ለጎን ጨርቁ ላይ ጫን አድርጉና ወደ ግራና ቀኝ ጎትቱ። ክሮቹ ሸሽተው መስኮት ከከፈቱ ትከሻውም እንደዚያው ይከፈታል።

ደግሜ ልናገር፦ ፖሊስተር ያለበት ልብስ፣ ድብልቁም ጭምር፣ እሳት ሲይዘው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይቀራል። ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰው ምድጃ አጠገብ ወይም በቤተ ሙከራ እሳት ላይ አይጎንበሱ፤ መምህራኑም ይህን ይወቁት።

ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄዱ ክሩን እናንተ ግዙ፤ ፖሊስተር የስፌት ክር ይሁን። በእጅ በቀላሉ የሚበጠስ ርካሽ ክር ጥሩውንም ጨርቅ ያበላሻል። የስፌት ትርፉ ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል አይነስ፣ ጠርዙም ኦቨርሎክ ይደረግ። ነጩን ሸሚዝ በበረኪና አትዘፍዝፉት፣ ጥጡን ይበላዋል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፣ ኮሌታውና ብብቱ በእጅ ይታሽ። ለሁሉም ልጆች የሚሆነውን ጨርቅ በአንድ ጊዜ ቀለም ከተነከረው ግዙ፤ በኋላ የሚጨመረው ሰማያዊ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም።